በደህና ቀን የተለካ ጆሮ፦ ከጣና ዳር የተገኘ የሜኒየር ሕመም የጉዳይ ጥናት

የዚህ ጥናት ባለጉዳይ በባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳፋሪና ጎብኚ በሞተር ጀልባ በማመላለስ የሚተዳደሩ የ47 ዓመት ሰው ናቸው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮች ተለውጠዋል። ወደ ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል የመጡት ለሁለት ዓመት ያህል ሲመላለስባቸው የቆየ ኃይለኛ ማዞር፣ የግራ ጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ አለብኝ ብለው ነው። በፌስታል ጠቅልለው ካመጧቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ የመስማት ምርመራ ውጤት ሲሆን፣ ከሥሩ «ኖርማል» ተብሎ ተጽፎበታል። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ወረቀት ነው። ምርመራው በትክክል የተሠራ፣ ቁጥሮቹም እውነተኛ ነበሩ፤ ነገር ግን የሰውየው ሕመም ሜኒየር የሚባለው፣ መስማትን እየቀነሰና እየመለሰ የሚመላለስ የውስጥ ጆሮ ሕመም ሆኖ ሳለ ጆሮው የተለካው ደህና በሆነበት ቀን ስለነበር ሰውየው «ጆሮዎ ምንም የለውም» ተብለው ከአንድ ዓመት በላይ ሌላ ሌላ በሽታ ሲፈለግባቸው ቆይቷል።

ሕመሙ የጀመራቸው በክረምት፣ የጀልባ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። ከምሳ በኋላ ቤታቸው ተቀምጠው ሳለ ድንገት ቤቱ ዞረባቸው፤ ወለሉ ላይ ተኝተው የአልጋውን እግር ጨብጠው ደጋግመው አስመለሱ፤ አመሻሹ ላይ ተነሡ፤ በማግሥቱም እግራቸው እየከዳቸው ቢሆንም ሥራ ገቡ። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴ ደግሞ ወር ሁለት ወር እየዘለለ ይመጣባቸው ጀመር። በዚህ መካከል ትኩሳት ሳይኖራቸው የታይፎይድ መድኃኒት ወስደዋል፤ ደም ማነስ ነው ተብሎ የብረት እንክብል ውጠዋል፤ እያስመለሳቸው ሳለ የተለካው የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘም የግፊት መድኃኒት ጀምረው አቋርጠዋል። ጠበልም ተጠምቀዋል፤ ከጠበሉም በኋላ ለሦስት ወር ያህል ሕመሙ ሳይመጣ ስለቆየ ድኛለሁ ብለው ነበር። ከታይፎይዱ መድኃኒት በኋላም እንዲሁ ደህና የሆኑበት ጊዜ ነበር። ይህ ሕመም ማንም ሳይነካው ለሳምንታት አልፎም ለወራት የሚጠፋ በመሆኑ፣ ከመጥፋቱ በፊት በመጨረሻ የተወሰደው ነገር ሁሉ ፈዋሽ መስሎ ይታያል። ይህ ጠባዩ ታካሚውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም የሚያሳስት ስለሆነ፣ ስለ ሕክምናው ስንነጋገር እንደገና እንመለስበታለን።

በእነዚህ ሁሉ ጉብኝቶች ሰውየው ስለ ጆሯቸው ብዙም አልተናገሩም ነበር። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር አጠገብ የሚውል ሰው ጆሮው ቢጮህና ቢደክም የሥራው ጣጣ እንጂ በሽታ ነው ብሎ አያስብም። ማዞሩን ለአንዱ ሐኪም፣ የጆሮውን ጩኸት ለሌላው ነግረዋል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚመጡ መሆናቸውን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። «ሲያዞርዎት ምን ሲንቀሳቀስ ያያሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ግድግዳው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ዓይኔን ብጨፍን ደግሞ እኔው እዞራለሁ» አሉ። ይህ መልስ ብቻውን ከመቀመጫ ሲነሡ ዓይን ከሚያጨልመው የደም ግፊት መውረድና ከድካም ይለየዋል። ስለ ጆሯቸው ስጠይቅ ደግሞ «እሱማ ቀድሞ ያስታውቃል፣ ዶክተር» አሉ። «ግራው ይደፈናል። ከዚያ ሞተር ይነሣል፤ ባለ አርባ ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ መጣብኝ ብዬ ቦታዬን እይዛለሁ።»

በዚህ ሕመም የሚሰማው የጆሮ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፉጨት ቀጭን ሳይሆን ወፍራምና የሚያጓራ ነው። ከማዞሩ በፊት ወይም አብሮ መጠንከሩ፣ ጆሮው የተደፈነ መምሰሉና መስማት መቀነሱ፣ ይህም ሁሉ በአንድ ወገን መሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ታካሚው ሌላም ነገር አስተውለው ነበር። በከፋበት ሰሞን የስልካቸው ጥሪ በግራ ጆሯቸው ሲሰሙት ከቀኙ የተለየ፣ የተበላሸ ዜማ ይሆንባቸዋል። ይህን ለሰው ቢናገሩ እንደ ቅዠት ይቆጠርብኛል ብለው ዝም ብለዋል፤ ሆኖም አንዱን ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎች በተለያየ ቅላጼ መስማታቸው የውስጥ ጆሮ መታመሙን የሚጠቁም የታወቀ ነገር ነው።

ቀጥሎ መጣራት የነበረበት የጊዜው ርዝመት ነው፤ እኔ በበኩሌ በማዞር ሕመም ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ጥያቄ አላውቅም። ሰውየው «ሁለት ቀን ያዞረኛል» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ግን ማዞሩና ማስመለሱ የሚያቆምበትን ሰዓትና እንደ ልብ መራመድ የሚችሉበትን ሰዓት ለይተው ነገሩን። ግድግዳው የሚሮጥበት ጊዜ ቢያጥር አርባ ደቂቃ፣ ቢረዝም አምስት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንድና ሁለት ቀን መንገዳገድና ድካም እንጂ ማዞር አይደለም። ይህ መለየት ካልተደረገ ታሪኩ የሌላ በሽታ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም የሚዛን ነርቭ መቆጣት ሳይቋረጥ ለቀናት ያዞራል፤ በውስጥ ጆሮ ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ሲወጡ የሚመጣው ማዞር ደግሞ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ተነሥቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ያልፋል። ለሜኒየር ሕመም እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት የወጣው መስፈርት ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ ያለ ቀስቃሽ የሚነሣ ማዞር ቢያንስ ሁለት ጊዜ መከሰቱን ይጠይቃል። ከዚህ ጋር በታመመው ጆሮ የሚለዋወጥ የመስማት መቀነስ፣ ጩኸት ወይም መደፈን መኖር አለበት። በተጨማሪም፣ የዚህ ሰው ጉዳይ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው፣ በወፍራም ድምፆች ላይ የመስማት መቀነስ ቢያንስ አንድ ጊዜ በመሣሪያ ተለክቶ መገኘት ይኖርበታል። ማዞሩን በሌላ በሽታ ማስረዳት የሚቻልም መሆን የለበትም።

በመጡበት ቀን በአካል ምርመራ የተገኘ ነገር አልነበረም። የጆሯቸው ታምቡር ንጹሕ ነው፤ መግል የለም፤ አካሄዳቸው ቀጥ ያለ ነው። ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዙሮ በፍጥነት በጀርባ በማስተኛት የሚደረገው የጠጠሮቹ ምርመራም ማዞር አላመጣም። (ይህን ምርመራ ከማርጋሬት ዲክስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቁት ቻርልስ ሃልፓይክ፣ ቀደም ብለው በ1938 ከካርንስ ጋር በሜኒየር ሕመምተኞች የውስጥ ጆሮ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ያሳዩ ሰው መሆናቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።) በሁለት ጥቃቶች መካከል ያለ የሜኒየር ታካሚ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሙሉ ጤነኛ መስሎ መታየቱ የተለመደ ነው።

ወደ አሮጌው ወረቀት እንመለስ። በመስማት ምርመራ ጊዜ ታካሚው ጸጥ ባለ ክፍል ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከወፍራሙ 250 ኸርዝ እስከ ቀጭኑ 8000 ኸርዝ ያሉ ድምፆች በየተራ ይሰጡትና እያንዳንዱን ሊሰማው የሚችልበት ዝቅተኛው መጠን በዴሲቤል ይመዘገባል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስማቱ መድከሙን ያሳያል፤ እስከ 25 ዴሲቤል ያለው በአብዛኛው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። በወረቀቱ ላይ የግራው ጆሮ በ250 እና በ500 ኸርዝ 25 ዴሲቤል ነበር፤ የቀኙ ግን በሁለቱም 10 ነው። ሁለቱም ጆሮዎች በ4000 ኸርዝ ላይ ወደ 35 ዴሲቤል ይወርዱና በ8000 ይመለሳሉ። ይህ በ4000 ላይ ያለው ጉድጓድ የሞተር ድምፅ ለዓመታት የሚያደርሰው ጉዳት ስለሆነ ምርመራውን ያየው ባለሙያ «ለዕድሜውና ለሥራው ኖርማል» ማለቱ ያን ያህል አያስወቅስም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ጆሮዎች የወፍራም ድምፅ ልዩነት ሊያጠራጥር ይገባ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርመራው የተደረገበት ቀን ከመጨረሻው ጥቃት ሦስት ሳምንት የራቀ ነው። ሰውየውም ያን ቀን ጆሯቸው ተከፍቶ እንደነበረ ያስታውሳሉ።

ስለዚህ አዲስ ቀጠሮ ከመስጠት ይልቅ ሌላ ስምምነት አደረግን። ጆሯቸው ሲደፈንና ሞተሩ ሲነሣ ማዞሩ እስኪያልፍ ይቆዩና በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ያለ ወረፋ በቀጥታ ወደ መስማት ምርመራ ክፍሉ ይምጡ ተባለ። ባለቤታቸው ደግሞ ጥቃቱ ሲመጣ የሁለቱንም ዓይኖች በስልክ እንዲቀርጹ ተነገራቸው፤ ብርሃን ባለበት፣ ስልኩ ከፊታቸው አንድ ክንድ ሳይሞላ ተይዞ፣ መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያስመለከቱ።

ብዙም አልቆየም። ቪዲዮው ላይ ዓይኖቻቸው ወደ አንድ ወገን ቀስ ብለው እየተንሸራተቱ በፍጥነት ወደ ሌላው ወገን ሲመለሱ በግልጽ ይታያል። ይህ የዓይን መንቀጥቀጥ የሚዛን ክፍል መታመሙን እንጂ የትኛው ጆሮ መሆኑን አይናገርም፤ በሜኒየር ጥቃት መጀመሪያ ወደ ታመመው ጆሮ ሊመታ፣ ቆይቶ ወደ ጤነኛው ሊዞር፣ ሲያገግም ደግሞ እንደገና ሊገለበጥ ስለሚችል አቅጣጫውን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ታካሚው አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ከተከለ መንቀጥቀጡ ሊደበዝዝ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል። ቪዲዮው ያስገኘው ትልቁ ጥቅም ጥቃቱ እውነተኛ የውስጥ ጆሮ ማዞር መሆኑን ማረጋገጡ ነው።

የመስማት ምርመራው በማግሥቱ ጠዋት ተደረገ። አስቀድሞ ባለ 512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ግንባራቸው ላይ ሲደረግ ድምፁን በቀኝ ጆሯቸው ሰሙት፤ በሁለቱም ወገን ደግሞ ከጆሮ ፊት ሲያዝ ከጆሮ ኋላ አጥንት ላይ ከሚሰማው ይበልጥ ይሰማቸው ነበር። ይህ ማለት ግራው ጆሮ የደከመው በኩክ ወይም ከታምቡር ጀርባ በገባ ፈሳሽ ሳይሆን በውስጠኛው ክፍል ነው። መሣሪያውም ይህንኑ አረጋገጠ፤ ግራው ጆሮ በ250 ኸርዝ 55፣ በ500 ኸርዝ 50፣ በ1000 ኸርዝ 40 ዴሲቤል ሲሆን በ2000 ላይ ወደ 25 ይመለሳል፤ በአጥንት የተለካውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ቀኙ እንደ ድሮው ነው። መስፈርቱ በአጥንት ሲለካ ከ2000 ኸርዝ በታች ባሉ ሁለት ተከታታይ ድምፆች ላይ የታመመው ጆሮ ከሌላው ቢያንስ በ30 ዴሲቤል እንዲያንስ ይጠይቃል፤ እዚህ ልዩነቱ 45 እና 40 ነው። ሞተር ያደከመው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አስቀድሞ አያጣም፤ ያጣውንም በሳምንታት ውስጥ መልሶ አያገኝም። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ጉዳቶች ተደራርበው ነበርና ሁለተኛው በመጀመሪያው ተሸፍኖ ቆይቷል።

ጆሮው ለምን እንዲህ ይለዋወጣል? የውስጥ ጆሮ በጠንካራ አጥንት የተከበበ ሲሆን ውስጡ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ በስስ ግርዶሽ ተለያይቶ ይገኛል። የውስጠኛው ኢንዶሊምፍ ፖታሲየም የበዛበት፣ የውጨኛው ፔሪሊምፍ ደግሞ ሶዲየም የበዛበት ነው። የመስማትና የሚዛን ሕዋሳት የሚሠሩት ይህ ልዩነት ተጠብቆ ሲኖር ነው። በሜኒየር ሕመም ኢንዶሊምፉ ይበዛና ግርዶሹን ይወጥረዋል። ውጥረቱ በብዛት የሚጎላው ኮክሊያ በሚባለው የመስማት ክፍል ጫፍ አካባቢ ነው፤ ወፍራም ድምፅ የሚሰማው ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ በመሆኑ ቀድሞ የሚደክመው ይኸው ነው። ጥቃቱን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የቆየው አስተያየት፣ ግርዶሹ ሲቀደድ ፖታሲየሙ ወደ ውጨኛው ፈሳሽ ፈስሶ ነርቮቹን ያደነዝዛል፣ ቀዳዳው ሲደፈን ደግሞ ሁሉም ይመለሳል የሚል ነው። አስተያየቱ የመስማቱን መመላለስ ደህና አድርጎ ቢያስረዳም እስካሁን ያከራክራል። ምክንያቱም የፈሳሹ መብዛት በሕይወታቸው አዙሯቸው በማያውቁ ሰዎች ጆሮም ከሞት በኋላ ተገኝቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 እንዲህ ያለው ማዞር የአንጎል ሳይሆን የውስጥ ጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል ባሉ ጊዜ ከነበረው ግንዛቤ ብዙ ርቀናል፤ ፈሳሹ መጀመሪያውኑ ለምን እንደሚበዛ ግን አሁንም መልስ አልተገኘለትም።

ሕመሙን ከመሰየም በፊት ሌሎች መወገድ ነበረባቸው። በአንድ ወገን ብቻ መስማት ሲቀንስ በመስማትና በሚዛን ነርቭ ላይ የሚያድግ ዕጢ አልፎ አልፎ ይህንኑ መልክ ስለሚይዝ ኤም አር አይ ተነሥተው ነጻ ሆኑ። ቂጥኝም የውስጥ ጆሮን ሲያጠቃ ከሜኒየር ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል የደም ምርመራ ተደረገ፤ አልተገኘም። ብርሃን የሚያስጠላ ከባድ የራስ ምታት ስለሌለባቸው የማይግሬን ማዞር አልመሰለም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን መርፌና ለወባ የሚሰጠውን ኪኒን ወስደው ያውቁ እንደሆነም ተጠይቀዋል። እነዚህ መድኃኒቶች ጆሮን ቢጎዱም በአብዛኛው ሁለቱንም ወገን ስለሚነኩ ከዚህ ታሪክ ጋር አይገጥሙም፤ እሳቸውም አልወሰዱም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ በመጀመሪያ የተደረገው መድኃኒት ማስቆም ነው። ሰውየው ሲናሪዚን የተባለውን የማዞር ማስታገሻ ለስምንት ወር በየቀኑ ሲውጡ ኖረዋል። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ለጥቃቱ ሰዓት እንጂ ለየዕለቱ አይደለም፤ ያፈዝዛል፤ ከዚያም አልፎ አንጎል የአንዱን ጆሮ ድክመት በሌላው ማካካስን እንዳይለምድ ያዘገየዋል። በምትኩ ጆሯቸው መደፈን ሲጀምር 25 ሚሊግራም ፕሮሜታዚን እንዲወስዱ፣ ማስመለሱ ከቀደመ ግን በመርፌ እንዲሰጣቸው፣ በየትኛውም መንገድ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን እንዳይዘልቅ ተነገራቸው።

ቀጥሎ የጨው ነገር ነው። የሚመከረው በቀን ከ2000 ሚሊግራም ያልበለጠ ሶዲየም ነው፤ ይህም ወደ 5 ግራም ጨው ይሆናል፣ ማለትም ለቀኑ ምግብ በሙሉ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። በእኛ ቤት «ጨው አልጨምርም» ማለት ብዙም አያዋጣም፤ ጨዉ ወጡ ከመሠራቱ በፊት በርበሬውና ምጥን ሽሮው ውስጥ ገብቷልና። ባለቤታቸው በርበሬ ሲያዘጋጁ ጨው ከመግባቱ በፊት ለእሳቸው ድርሻ እየለዩ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ዳጣውም ከማዕዱ ቀረ። ጨው መቀነስ ጥቃት እንደሚያስቀር በጥሩ ጥናት አልተረጋገጠም፤ ጉዳት ስለሌለውና የግፊት ታሪክም ስላላቸው መከርኳቸው። ቡናን በተመለከተ ማስረጃው ከዚህም የሳሳ ነው። የዘጌን ቡና ከነበረከው የሚጠጣን ሰው ከልክሎ ማስከፋቱ ተገቢ ሆኖ ስላላገኘሁት ለጥቂት ሳምንታት በአቦል ብቻ ተወስነው ለውጥ ካለ እንዲያዩ ተስማማን። ለውጥ አላዩም፤ ወደ ልማዳቸው ተመለሱ።

ከመድኃኒት ሽንት የሚያበዛውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በቀን 25 ሚሊግራም ጀመሩ፤ ይህ መድኃኒት ፖታሲየምን ከሰውነት ስለሚያስወጣ በየጊዜው በደም ምርመራ ይታይ ነበር። ቤታሂስቲን ለዚህ ሕመም በዓለም ዙሪያ በብዛት ይታዘዛል። ሆኖም በጀርመን 221 ታካሚዎችን ለዘጠኝ ወር ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በዝቅተኛ መጠን፣ በከፍተኛ መጠንና ምንም መድኃኒት የሌለበትን እንክብል በወሰዱት መካከል በጥቃት ብዛት ልዩነት አላገኘም፤ በሦስቱም ወገን ጥቃቱ በእኩል ቀንሷል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ይረግባል ያልነው እንዲህ ሲለካ ይታያል። ታካሚው ይህ ተነግሯቸው ገንዘባቸውን ላለማውጣት መረጡ።

ለአራት ወር ያህል ጥቃቱ ቢሳሳም አልቀረም ነበር። ከዚያ ፈጽሞ የተለየ ነገር ደረሰ። ከጀልባ ማሠሪያው አጠገብ ገመድ ሲያስሩ ሳሉ ሳያዞራቸው፣ ጆሯቸውም ሳያስጠነቅቃቸው በአንድ ጊዜ ወደቁ። «ከኋላዬ ሰው የገፈተረኝ መሰለኝ» አሉ። በዙሪያው የነበሩ ሰዎች የሚጥል በሽታ መስሏቸው ክብሪት ጭረው አሸተቷቸው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን አልሳቱም፤ ክብሪት አምጡ ሲባል ሁሉ ይሰሙ ነበር፤ ወዲያውም ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። ራስን ሳይስቱ መውደቁ፣ አካል አለመንዘፍዘፉና ከወደቁ በኋላ ግራ መጋባት አለመኖሩ ከሚጥል በሽታ ይለየዋል። እንዲህ ያለውን አወዳደቅ ቱማርኪን እ.ኤ.አ. በ1936 የገለጡት ሲሆን፣ የስበትን አቅጣጫ የሚለየው የውስጥ ጆሮ ክፍል ድንገት የተሳሳተ መልእክት ልኮ እግርን በቅጽበት ሲያዝል የሚመጣ እንደሆነ ይታመናል።

ለማንኛውም ሰው አደገኛ የሆነው ይህ ነገር ለጀልባ ነጂ ሞት ነው። ውሃ ውስጥ ዓይን በማይረዳበት ጊዜ ላይና ታች የሚለየው በአብዛኛው በጆሮ ነው፤ ጥቃት ላይ ያለ ሰው ዋናተኛም ቢሆን ወደ ታች ሊዋኝ ይችላል። ስለዚህ ጀልባ እንዳይነዱ፣ ታንኳ እንዳይሳፈሩ፣ ብቻቸውን ሐይቅ ውስጥ እንዳይታጠቡና መሰላል ላይ እንዳይወጡ በግልጽ ተነገራቸው። ክርክሩ ረጅም ነበር። «ሞተሩን ልጁ ይያዝ፤ እኔ መቀመጥ አያቅተኝም» አሉ። ተቀምጦ የወደቀ ሰውም ከጀልባ ጫፍ እንደሚወድቅ፣ በተሳፋሪዎች ላይም አደጋ እንደሚያስከትል ከተነጋገርን በኋላ መንዳቱን ለእህታቸው ልጅ ለቀው እሳቸው ከዳር ሆነው ተሳፋሪ መጫኑንና ሒሳቡን ያዙ። ከሕክምናው ሁሉ ከባዱ ለእሳቸው ይህ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ከመውደቁ በኋላ መርፌ በታምቡር በኩል መስጠት አስፈለገ። ምርጫው በዴክሳሜታዞንና በጄንታማይሲን መካከል ነበር። ጄንታማይሲን የታመመውን የሚዛን ክፍል በማዳከም ጥቃቱን ያቆማል፤ ሆኖም የመስማት ሕዋሳትንም ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ በ60 ታካሚዎች ላይ የወጣ ጥናት ጄንታማይሲንን ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከተባለ ስቴሮይድ ጋር አወዳድሮ ጥቃቱን በመቀነስ ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የሰውየው ግራ ጆሮ በደህና ቀን አሁንም በደንብ የሚሰማ፣ ይህ ሕመም ደግሞ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛውን ጆሮ ሊነካ የሚችል በመሆኑ የሚሰማን ጆሮ አሳልፎ መስጠቱ አልታየኝም። ስለዚህ ከስቴሮይዶቹ በቀላሉ የሚገኘው ዴክሳሜታዞን ተመረጠ።

አሰጣጡ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሚሊሊትር 4 ሚሊግራም ያለው ዴክሳሜታዞን አስቀድሞ ብልቃጡ በእጅ ተይዞ የሰውነት ሙቀት እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከታምቡር ጀርባ ሲገባ ራሱ ያዞራልና። ታካሚው የታመመው ጆሮ ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ይተኛል፤ ታምቡሩ ከደነዘዘ በኋላ በማይክሮስኮፕ እየታየ በቀጭን መርፌ ግማሽ ሚሊሊትር ያህል ይገባል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነጋገርና ምራቁን ሳይውጥ ይቆያል፤ እያንዳንዱ መዋጥ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ቱቦ ስለሚከፍት መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ጆሮ ሳይሰርግ ያመልጣል። ምራቃቸውን የሚተፉበት ሶፍት በእጃቸው ተሰጣቸው። በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ወራት ሁለት ቀላል ጥቃቶች መጡ፤ አወዳደቁ አልተደገመም። ግራው ጆሮ በ250 እና በ500 ኸርዝ 30፣ በ1000 ኸርዝ 25 ዴሲቤል ላይ ቆመ፤ ማለትም ወደ ቀድሞው ቀረበ እንጂ አልደረሰም። ጩኸቱ አልሄደም፤ ቀን ቀን የከተማው ድምፅ ይሸፍነዋል፣ ማታ ግን ራዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ ከፍተው ይተኛሉ። ይህን ሁሉ ያመጣው መርፌው ነው ለማለት አልደፍርም፤ ጠበሉንና የታይፎይዱን መድኃኒት የመዘንኩበት ሚዛን ለዴክሳሜታዞንም ያው ነው። ወደ ጀልባ መንዳት መመለስን ሲጠይቁም ዘጠኝ ወር ለዚህ ሕመም አጭር ጊዜ መሆኑን ነግሬያቸው አልፈቀድኩም።

አሁን በየስድስት ወሩ ሁለቱም ጆሮዎች ይለካሉ፤ በየወረቀቱም ላይ ቀኑ ከመጨረሻው ጥቃት ስንት ቀን እንደራቀና ጆሮው ያን ዕለት ተደፍኖ ወይም ተከፍቶ እንደነበረ ይጻፋል። ቀኙ ጆሮ በወፍራሙ ድምፅ እስካሁን በ10 ዴሲቤል ላይ ነው። ቀኙ መደፈን ከጀመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን እንዲመጡ ተነግሯቸዋል።